«ነጻ ስጦታ» የሚባለው የ20 ሺህ ብር የቁማር ውል!





ሰሞኑን ከመግሪብ ሰላት በኋላ አንድ ወንድማችን ስልኩን ይዞ መጣ። በቀን ሥራ የሚተዳደር፣ የንጣፍ ሴራሚክ ለሚያነጥፉ ባለሙያዎች ረዳት ሆኖ የሚሠራ ልጅ ነው። ያመጣው ጥያቄ አጭር ነበር፦ «ስልኬ ላይ 3,400 ብር አለኝ። ገንዘቡ ግን አይወጣም። ሰርቀውኝ ነው?»

ስልኩን ተቀብለን አየነው። 3,400 ብሩ በእርግጥ ይታያል። Withdraw የሚለውን ቁልፍ ሲጫነው ግን መልሱ አንድ ነው፦ ቅድመ ሁኔታው አልተሟላም። ቅድመ ሁኔታው ምንድን ነው ብለን ስንከፋፍት፣ ስንከፋፍት ከረዥም ገጽ ሥር አንዲት መስመር አገኘን። ልጁ አንብቧት አያውቅም። እንኳን እሱ፣ የተማርን ነን የምንለውም ለመረዳት ወረቀትና እስክሪብቶ ማውጣት ነበረብን። ሒሳቡን ሠርተን ስንጨርስ ልጁ ዝም አለ። እኛም ዝም አልን። ይህንን ጽሑፍ ያስጻፈን ያ ዝምታ ነው።

አንድ ነገር አስቀድመን እንበል። ቁማር ሐራም መሆኑን ለማወቅ ሒሳብ አያስፈልግም። ሱረቱል ማኢዳህ መይሲርን ከአስካሪ መጠጥ ጋር በአንድ አንቀጽ ከከለከለ በኋላ የሚጨመር ክርክር የለም። ታዲያ ለምን ሒሳብ እንሠራለን? ምክንያቱም ልጆቻችን ወደዚህ በር የሚገቡት «ቁማር ልጫወት» ብለው አይደለም። «የራሴ ገንዘብ አይደለም፣ በነጻ የሰጡኝ ነው፣ ብበላው ምን አለበት?» ብለው ነው። ስጦታ መቀበል ሐላል ነውና ስጦታ የሚለው ቃል ሐራሙን ይሸፍነዋል። እኛ ዛሬ ማሳየት የምንፈልገው ይህን ነው፦ «የእንኳን ደህና መጡ ቦነስ» ስጦታ አይደለም። ከ20 ሺህ ብር በላይም ሊደርስ የሚችል፣ ወጣቱ ሳያነብ የሚፈርመው የቁማር ውል ነው!

መስመሯ ምን ትላለች?

ማስታወቂያው በትልቁ የሚለው ይህን ነው፦ መቶ በመቶ ቦነስ! 1,000 ብር ያስገቡ፣ 1,000 ብር እንጨምርልዎታለን! ልጁም የሳምንት ደመወዙን በቴሌብር አስገባ፤ ስልኩ ላይ 2,000 ብር ታየው።

በትንሹ የተጻፈችው መስመር ደግሞ የምትለው ይህን ነው፦ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ያስገቡትንና ቦነሱን ደምረው አሥር እጥፍ በ30 ቀን ውስጥ ሊወራረዱበት ይገባል። በእንግሊዝኛ በተጻፉ ገጾች ላይ ይህች ግዴታ Rollover ወይም Wagering ተብላ ትገኛለች። በአማርኛ የሚነግራችሁ ካለ «ቦነሱን ማዞር» ይላችኋል። ነገሩ ግን ማዞር አይደለም፤ መወራረድ ነው። ለእያንዳንዱ ቲኬት የምትከፍሉት ብር እየተደመረ አንድ መጠን ላይ እስኪደርስ ድረስ ገንዘባችሁ ታስሮ ይቆያል ማለት ነው።

አሁን ሒሳቡን አብረን እንሥራ። ስልካችሁን አውጡና ተከተሉን።

ልጁ ያስገባው 1,000 ነው። ቦነሱ 1,000 ነው። ድምሩ 2,000። ሲባዛ በአሥር፦ 20,000 ብር።

ሃያ ሺህ ብር! ይህ ልጅ አንድ ብር ከማውጣቱ በፊት በድምሩ የ20,000 ብር ቲኬት መቁረጥ አለበት። በአንድ ቲኬት 100 ብር ቢያስይዝ 200 ቲኬት ነው። ቀነ ገደቡ 30 ቀን ስለሆነ በየቀኑ፣ ጁሙዓንም ጨምሮ፣ ወደ 667 ብር መወራረድ አለበት። አንድ ቀን ቢዘል የማግስቱ ይጨምርበታል። የአምስት ወቅት ሰላት ለመጠበቅ የሚቸገር ወጣት በቀን ስድስት ሰባት ጊዜ ቲኬት እንዲቆርጥ ግዴታ ተጥሎበታል!

«አሥር እጥፍ» የሚለው ቃልም ራሱ ያሳስታል። አንዱ ቤት አሥር እጥፍ የሚለው ቦነሱን ብቻ ነው፤ ያኔ ግዴታው 10,000 ይሆናል። ሌላው ያስገባችሁትንም ይደምራል፤ 20,000 ይሆናል። ቁጥሩ ያው አሥር ነው፤ ልዩነቱ ግን አሥር ሺህ ብር ነው። ልዩነቱን የምታመጣው «ያስገቡትንና» የምትለው አንዲት ቃል ናት። ስለዚህ አንድ ሰው «የእኔ አሥር እጥፍ ብቻ ነው» ሲላችሁ መጀመሪያ የምትጠይቁት ጥያቄ «የምኑ አሥር እጥፍ?» የሚለው ይሁን።

ሃያ ሺህ ብር ሲዞር ስንት ይቀራል?

እዚህ ላይ ወጣቶቻችን የሚመልሱልን መልስ አለ። «ሃያ ሺህ መወራረድ ማለት ሃያ ሺህ ማጣት ማለት አይደለም፤ ስትበላ ይመለስልሃል፣ በዚያው ትቀጥላለህ» ይላሉ። ልክ ናቸው። ሃያ ሺህ ብር ከኪሱ አይወጣም፤ ያው ገንዘብ ደጋግሞ ነው የሚዞረው። ጥያቄው ግን በዞረ ቁጥር ምን ያህሉ እዚያው እንደሚቀር ነው።

ቀላል ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ጨዋታ ላይ «ከ2.5 ጎል በላይ ይገባል» ለሚለውም፣ «በታች ነው» ለሚለውም ቤቱ እኩል 1.88 ኦድ ሰጠ እንበል። ሁለት ሰዎች ተቃራኒውን ይዘው እያንዳንዳቸው 100 ብር አስያዙ። ቤቱ 200 ብር ሰበሰበ። አንዱ ይበላል፤ የሚከፈለው 188 ብር ነው። 12 ብሩ የት ሄደ? ቤቱ ጋ ቀረ። ቤቱ ማን እንደሚያሸንፍ ማወቅ አላስፈለገውም፤ ጎል ገባም አልገባም 12 ብሩን ወስዷል። ከ200 ላይ 12 ማለት ከ100 ላይ 6 ማለት ነው። የቤቱ እንጀራ ይህ ነው፤ እያንዳንዱ ኦድ ውስጥ ተቀብሮ ይመጣል። መጠኑ ከቤት ቤት፣ ከጨዋታ ጨዋታ ይለያያል፤ ለምሳሌያችን ግን 6 ብርን እንያዝ።

እንግዲህ ልጁ 20,000 ብር በአንድ ጨዋታ ቲኬት ብቻ ቢያዞር፣ ከእያንዳንዱ 100 ብር በአማካይ 6 ብር ይቀርበታል። ሃያ ሺህ ውስጥ ሁለት መቶ መቶዎች አሉ፤ 200 ሲባዛ በ6፣ 1,200 ብር። የተሰጠው ቦነስ ስንት ነበር? 1,000 ብር! ስጦታው ሙሉ በሙሉ ተመልሶ፣ ከራሱ ደመወዝ ላይ ደግሞ 200 ብር ተቆርጧል። በ2,000 የጀመረው በአማካይ 800 ብር ይዞ ይወጣል፤ ከኪሱ ያስገባው ግን 1,000 ነበር።

አስተውሉ! ይህ የተሻለው አማራጭ ነው። ውሉ ግን ይህንን አይፈቅድለትም።

ሦስት ጨዋታ የግድ!

የልጁ ውል አንድ ተጨማሪ ነገር ይላል፦ ለግዴታው የሚቆጠረው ቢያንስ ሦስት ጨዋታ ያለበት፣ እያንዳንዱም ከ1.40 ያላነሰ ኦድ ያለው ቲኬት ብቻ ነው። ሲያዩት እንደ ተራ ደንብ ይመስላል። ነገር ግን የወጥመዱ ጥርስ ያለው እዚህ ነው።

ለምን? ቤቱ ድርሻውን የሚወስደው በየጨዋታው ስለሆነ ነው። በመጀመሪያው ጨዋታ የ100 ብሩ ዋጋ በአማካይ 94 ይሆናል። ይህ 94 ወደ ሁለተኛው ጨዋታ ሲገባ እንደገና ከመቶ ስድስት ይቆረጥበታል፤ ወደ 88 ይወርዳል። በሦስተኛው ወደ 83። ስለዚህ ከመቶ ብር ላይ ስድስት የነበረው ድርሻ አሁን 17 ሆነ። ቲኬቱ ላይ የሚታየው ትልቁ ክፍያ ልጁን ያስደስተዋል። ቤቱን የሚያስደስተው ግን ይህ 17 ብር ነው።

አሁን ድጋሚ አስሉ። 200 መቶዎች ሲባዙ በ17፣ 3,400 ብር። የ20,000 ብሩ ግዴታ እስኪያልቅ በአማካይ 3,400 ብር ይበላል። ልጁ ግን ቦነሱን ጨምሮ የጀመረው በ2,000 ብር ነው! ማለትም መንገዱ ከስንቁ ይረዝማል። አብዛኛው ሰው ግዴታውን ሳይጨርስ በፊት አካውንቱ ባዶ ይሆናል። ይህ ዕድለ ቢስነት አይደለም፤ ውሉ ሲጻፍ የተሰላ ነው።

የወንድማችንን ጉዳይ እንመልከት። ወደ እኛ ሲመጣ 14 ቲኬት ቆርጦ ነበር፤ እያንዳንዱ 100 ብር፣ በድምሩ 1,400። ቀናት ሰምረውለት 3,400 ደርሷል። ከ14ቱ ቲኬት አምስቱ ግን ባለ አንድ ጨዋታ ነበሩ፤ አልተቆጠሩለትም። የተቆጠረው 900 ብር ብቻ ነው። የቀረበት 19,100 ብር! ይህንን 19,100 በሦስት ሦስት ጨዋታ ቢያዞር፣ በመቶ 17 ሒሳብ 3,247 ብር ይበላበታል። ካለው 3,400 ላይ ሲቀነስ የሚተርፈው 153 ብር ነው። እንግዲህ ያ ስልክ ላይ የሚያብረቀርቀው 3,400 ብር እውነተኛ ዋጋው ወደ 153 ብር ነበር። ከራሱ ደመወዝ 1,000 ብር አስገብቶ!

«ሰርቀውኝ ነው?» ላለን ወንድም መልሳችን ይህ ነበር፦ አልሰረቁህም፤ አስፈርመውሃል።

ምክራችንን ሰምቶ ቢያቆም ደስ ባለን ነበር። እውነቱን ግን እንናገር። ቁጥሩ አንገበገበው፤ «3,400 ብር ትቼ እንዴት እወጣለሁ?» አለ። ስልኩ ላይ ግዴታው ምን ያህል እንደተሞላ የሚያሳይ መስመር አለ፤ በየቲኬቱ ትንሽ ትንሽ ይሞላል። ያንን መስመር ለመሙላት ቀጠለ። 9,400 ብር ሲቀረው አካውንቱ ዜሮ ሆነ። ከዚያ «የጀመርኩትን ልጨርስ» ብሎ 500፣ ቀጥሎም ሌላ 500 ብር አስገባ። ሁለቱም አለቁ። 30 ቀኑ ሲሞላ ቦነሱ ተሰርዟል፤ 2,000 ብር የራሱ ገንዘብ ሄዷል። ሁለተኛው 500 ብር ለእናቱ መድኃኒት የተቀመጠ እንደነበር የነገረን በኋላ ነው።

የዚህ ዓይነቱ ቦነስ ትልቁ ጉዳት የመጀመሪያው 1,000 ብር አይደለም። ወጣቱ «ልጫወት አልጫወት» ብሎ የሚያስብበትን ጊዜ መንጠቁ ነው። ከመጀመሪያው ቲኬት በኋላ የሚያስበው «ስንት ቀረኝ?» ብቻ ነው። በ30 ቀን 200 ቲኬት የቆረጠ ሰው፣ ግዴታውን ቢጨርስም ባይጨርስም፣ ልማዱ ገብቶበታል። ቤቱ 1,000 ብር የከፈለው ለዚህ ነው!

«እገሌ ግን አውጥቷል» ለሚሉን

አዎ፣ የሚያወጣ አለ። ቲኬቶቹ ተከታትለው ሰምረውለት ግዴታውን ጨርሶ ገንዘብ የተቀበለ ሰው በየሰፈሩ ይገኛል። አማካይ ማለት ሁሉም ሰው እኩል ይከስራል ማለት አይደለም፤ ጥቂቱ ሲያተርፍ ብዙው ባዶ ይቀራል ማለት ነው። የሚያተርፈው የሚከፈለው ከየት ነው? ከጎኑ ተሰልፎ ከሰገደው ወንድሙ ኪስ! ቤቱ ድርሻውን አንስቶ የቀረውን ነው የሚያከፋፍለው። ያተረፈው ይናገራል፤ የከሰረው ያፍራል፣ ይደብቃል። ስለዚህ ሰፈር ውስጥ የሚሰማው ወሬ ሁሉ የአሸናፊ ወሬ ነው።

ብልጥ ነኝ የሚልም አለ። «ሁለቱንም ወገን እይዛለሁ፤ አንዱ ቢሸነፍ ሌላው ይበላል፤ ግዴታውን ያለ ኪሳራ እጨርሳለሁ» ይላል። ከላይ ያለውን ምሳሌ ይመልከት። ሁለቱንም ወገን በ100 በ100 ቢይዝ 200 ከፍሎ 188 ይቀበላል። በእርግጠኝነት 12 ብር ይከስራል! ሃያ ሺውን በዚህ መንገድ ቢያዞር 1,200 ብር ይከፍላል፤ ቦነሱ ግን 1,000 ነው። ደግሞም ተቃራኒ ወገኖችን መያዝ ቦነሱን ያሰርዛል የሚል አንቀጽ ብዙ ውል ውስጥ አለ። የሦስት ጨዋታ ደንቡም ይህንን በር ይዘጋዋል።

«የፍሪ ቤት ቲኬት ነው የተሰጠኝ፣ ግዴታ የለበትም» የሚልም ውሉን ያንብብ። በብዙ ቦታ በነጻ የተሰጠው የ100 ብር ቲኬት በ1.88 ቢያሸንፍ የሚከፈለው 88 ብር እንጂ 188 አይደለም፤ መቶዋ ተመልሳ ትወሰዳለች። አንዳንድ ቤት ደግሞ 88ቷንም እንደ ቦነስ ቆጥሮ ግዴታ ይጭንባታል።

ከኳስ ወጥቶ ወደ ስልክ ካዚኖ ጨዋታዎች የገባ ደግሞ የባሰ ይገጥመዋል። እዚያ 35 እጥፍ የሚባል ግዴታ የተለመደ ነው። ለ1,000 ብር ቦነስ 35,000 ብር ማለት ነው። እንደ ሩሌት ያሉ ጨዋታዎች ደግሞ በአሥር በመቶ ብቻ የሚቆጠሩበት ጊዜ አለ፤ 100 ብር ስታስይዙ 10 ብር ብቻ ይቆጠርላችኋል። እንግዲህ 35 ሺውን በእሱ ለመሙላት 350,000 ብር ማስያዝ ያስፈልጋል። ይህንን ቁጥር ማስታወቂያው ላይ ያየ ሰው አለ?

ፈቃድ ለሚሰጡት

የስፖርት ውርርድ በአገራችን በድብቅ የሚካሄድ አይደለም። ብሔራዊ ሎተሪ አስተዳደር ፈቃድ ሲሰጥበት የቆየ ንግድ ነው። ስለዚህ ጥያቄያችን ወጣቱን ብቻ አይመለከትም። ፈቃድ የሚሰጠው አካል ውሉን አንብቦታል ወይ? ብለን እንጠይቃለን።

ቁማር ሕጋዊ በሆነባት በብሪታኒያ እንኳ ይህ አሠራር ተጠይቆበታል። እ.ኤ.አ. በ2018 የአገሪቱ የውድድርና ገበያ ባለሥልጣን ተጫዋቾች የራሳቸውን ገንዘብ ለማውጣት ደጋግመው እንዲጫወቱ የሚያስገድዱ ውሎችን መርምሮ፣ ትልልቅ የቁማር ኩባንያዎች አሠራራቸውን እንዲያስተካክሉ አስገድዷል። የቁማር ኮሚሽኑ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2025 ግዴታው ከቦነሱ አሥር እጥፍ እንዳይበልጥ ወስኗል። የእኛ ልጅ የፈረመው የቦነሱ ሃያ እጥፍ ነበር!

የእነሱን መንገድ እንደ መድኃኒት እያቀረብን አይደለም። ሒሳቡን ሠርታችሁ ታዩታላችሁ፦ የቦነሱ አሥር እጥፍ 10,000 ብር ነው፤ በሦስት ጨዋታ ቲኬት በመቶ 17 ሒሳብ 1,700 ብር ይበላል፤ አሁንም ከ1,000 ይበልጣል። ሐራምን ማለዘብ ሐላል አያደርገውም። እኛ የምንፈልገው ይህ በር በወጣቶቻችን ፊት እንዲዘጋ ነው። እስኪዘጋ ድረስ ግን ማንም ፍትሕ የሚያውቅ ሰው፣ ሙስሊም ይሁን አይሁን፣ ሊቃወማቸው የማይችል ሦስት ነገሮች አሉ።

አንደኛ፦ ሰው ከኪሱ ያስገባው ገንዘብ በቦነስ ምክንያት አይታሰር! ቦነሱን ይውሰዱ፤ ደመወዙን ግን ይመልሱ።

ሁለተኛ፦ «1,000 ብር ስጦታ» ተብሎ በሚጻፍበት ቦታ፣ በዚያው የፊደል መጠን፣ «ለማውጣት 20,000 ብር መወራረድ ግዴታ ነው» ተብሎ ይጻፍ! በእጥፍ አይደለም፣ በብር። በአማርኛና ወጣቱ በሚያነባቸው ቋንቋዎች ሁሉ።

ሦስተኛ፦ ቦነስ ተጫዋቹ ሳይጠይቅ በራሱ አካውንቱ ላይ አይግባ! ሳይጠየቅ የተሰጠ፣ እንዳይመለስ የታሰረ ነገር ስጦታ አይባልም።

ዛሬ ማታ በየቤታችን

ወላጆች! ልጃችሁን ከመቆጣታችሁ በፊት አብራችሁት ተቀመጡና ስልኩን እዩ። የተጣራው ገንዘብና የቦነሱ ገንዘብ ተለይቶ የሚታይበት ቦታ አለ፤ ብዙ ጊዜ Bonus Balance ይላል። እዚያ ላይ ቁጥር ካለ ልጁ ውል ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። ከዚያ አራት ጥያቄ ጠይቁ፦ የምኑ ስንት እጥፍ? በስንት ቀን? የትኛው ቲኬት ነው የሚቆጠረው? ቦነሱን ብተወው የራሴ ገንዘብ ይወጣል ወይ? ከመልሱ ላይ ጠቅላላውን ብር አስሉና በወረቀት ጽፋችሁ ከፊቱ አስቀምጡ። ቁጥሩ ከእናንተ ቁጣ በላይ ይናገራል።

ገንዘብ አስገብቶ ገና ቲኬት ያልቆረጠ ካለ፣ አሁኑኑ ቦነሱን ሰርዙልኝ ብሎ ይጠይቅ፤ የራሱን ብር ማስወጣት ከሁሉ የሚቀለው የመጀመሪያው ቲኬት ሳይቆረጥ ነው። የጻፈውንና የመለሱለትን ፎቶ አንስቶ ያስቀምጥ። ከተጫወተ በኋላ ከሆነም ቦነሱንና በእሱ የመጣውን ትርፍ ትቶ የራሱ ቀሪ ከወጣለት ያውጣ፤ ቦነሱ ቢቀርበት ምንም አልጎደለበትም፤ መጀመሪያውኑ የእሱ አልነበረም። ግዴታውን «ለመጨረስ» ተብሎ አንድ ብር እንኳ አይጨመር! ወንድማችን የወደቀው እዚያ ላይ ነው። የመድኃኒቱ ብር የሄደው እዚያ ላይ ነው።

የመስጂድ ኮሚቴዎችና ኡስታዞች! በደርሳችሁ «ቁማር ሐራም ነው» ስትሉ ወጣቱ አንገቱን ይነቀንቃል፤ በልቡ ግን «የእኔ ቦነስ ነው» ይላል። እባካችሁ ያቺን ቃል ከፍታችሁ አሳዩት። አንድ ሺህ ብር ተቀብሎ ሃያ ሺህ ብር ለመወራረድ ቃል የገባ ሰው ስጦታ አልተቀበለም፤ ለሁለት መቶ ቁማር ተቀጥሯል።

ያ ወንድማችን ዛሬ ስልኩ ላይ አካውንቱ የለም። በራሱ እጅ ዘግቶታል። ይህንን ታሪክ ስሙን ሳንጠራ እንድናወራ የፈቀደልንም «ሌላው ሒሳቡን ቀድሞ ይሥራ» ብሎ ነው። ለእናቱ አላህ ሺፋውን ያምጣላት፤ ለእሱም ሐላል ሪዝቁን ያስፋለት።

ሒሳቡን ሥሩ! ለጎረቤታችሁም አሳዩ!

አላሁ አክበር!